ሌባ ሳይኖር የሚጮህ አላርም

አላርሙ የጮኸው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ12 ላይ ነው። የቤቱ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው፣ በሩ ተቆልፏል፣ ዘበኛው ሮጦ በመስኮት ቢያይ ሳሎኑ ባዶ ነው። በማግስቱ ጸጥ ብሎ ዋለ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት አካባቢ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን በሙሉ ከአልጋ አስነሳ። እንዲህ ያለ ቤት የተጠራ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ካቻቪቴውን አውጥቶ የሞሽን ሴንሰሩን ሴንሲቲቪቲ ዝቅ ያደርግና ይሄዳል። አላርሙ በእርግጥ ዝም ይላል፤ ሌባ ሲገባም ግን ዝም ሊል ይችላል።

ይህ ሳሎን የታሰበ ምሳሌ ቢሆንም ችግሩ የብዙ ቤቶችና ሱቆች ነው። ሴንሰሩም በአብዛኛው አልተበላሸም። ያየውን ነው የተናገረው፤ ያየው ነገር ሰው አለመሆኑ ነው ጣጣው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነጭ ሳጥን እንደ ካሜራ ምስል አይቀርጽም። የሚቀበለው ከማንኛውም ሞቃት ነገር የሚወጣውን፣ ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ፊቱ ላይ ያለው ወተት የመሰለ ፕላስቲክ ሌንስ ክፍሉን ከሳጥኑ ተነስተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ በተበተኑ መስመሮች ይከፋፍለዋል። ከሌንሱ ጀርባ ያለው ጠቋሚ ሁለት ግማሾች አሉት፤ የተያያዙትም በተቃራኒ ነው። ክፍሉ በሙሉ እኩል ሲሞቅ የአንዱ ምልክት የሌላውን ያጠፋዋል። ሰው አንዱን መስመር አቋርጦ ሲያልፍ ግን መጀመሪያ አንዱን ግማሽ፣ ቀጥሎ ሌላውን ስለሚነካ ምልክቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። አላርሙን የሚያስነሳው ይህ መውጣትና መውረድ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን ለማሳሳት ሁለት ነገር ይበቃል፦ የሙቀት ልዩነትና ፈጠን ያለ ለውጥ።

የቀኑን ጩኸት በዚህ መፍታት ይቻላል። የሳሎኑ ትልቅ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ላይ ሆኖ መስኮቱን አፍጥጦ ያያል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመስኮቱ በኩል የሚያልፈው ዘበኛ ነው፤ ግን እሱ ነጻ ነው። የመስኮት መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል እንጂ ከሰው ገላ የሚወጣውን ረጅም ሞገድ ጨረር አያሳልፍም፤ ከውጭ የቆመ ሰው ለሴንሰሩ የለም ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የመጋረጃውና የወለሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ጨረሯ ወደ ክፍሉ ጠልቆ ይገባና ያሞቃቸዋል። ይህ ቀስ ብሎ ቢሆን ሴንሰሩ ቁብ አይሰጠውም። ደመና ፀሐይዋን ሸፍኖ በድንገት ሲለቃት፣ ወይም የሞቀውን መጋረጃ ንፋስ ሲያወዛውዘው ግን ለውጡ ፈጣን ይሆናል። ጩኸቱ በማግስቱ ያልተደገመውም ለዚህ ነው፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ጥርት ብሎ ወይም ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ከዋለ የሚቀያየር ነገር የለም። ጨረሩ ራሱ ሴንሰሩ ፊት ላይ ካረፈ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሳጥኑንና በውስጡ ያለውን ማጣሪያ ያሞቃል።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከሰዓት ነው። አብዛኛው የአላርም መቆጣጠሪያ እያንዳንዱን ጩኸት ከነሰዓቱ ይመዘግባል። (መዝገቡ ላይ 16:12 የሚል ከታየ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ከ12 መሆኑን ማስታወስ ነው፤ በዚህ የተነሳ ባለቤትና ባለሙያ ስለተለያየ ሰዓት ሲከራከሩ ይውላሉ።) በተወሰነ የቀን ሰዓት እየተመላለሰ የሚመጣ ጩኸት ወደ ፀሐይ ያመለክታል። ሂተር ሲለኮስ ወይም ራሱን ሲያጠፋና ሲያበራ የሚመጣም አለ። በዘይት የሚሠራው ሂተር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ብዙም አያስቸግርም። ሽቦው ቦግ ብሎ የሚቀላውና በማራገቢያ ሞቃት አየር የሚነፋው ግን፣ አንዱ በራሱ ብልጭታ፣ ሌላው መጋረጃና ወረቀት በማንቀሳቀስ ወይም አየሩን ሴንሰሩ ላይ በመንፋት ያስጮሁታል።

መላው ቀላል ነው፤ ሴንሰሩ ከመስኮቱ ፊት ይነሳ። የተሻለው ቦታ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ በኩል ያለው ማዕዘን ነው፤ መስኮቱ ከጎኑ ወይም ከጀርባው ሲሆን አያየውም። ከፍታው አምራቹ እንዳዘዘው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ40 ይላል። ከበር የሚገባ ሰው ወደ ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ይልቅ በፊቱ አቋርጦ ቢያልፍ ይመረጣል፤ መስመሮቹን የሚቆርጠው ያኔ ነውና። ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ በሲልከን መድፈን አይዘንጋ። ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ንፋስ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ጠቋሚውን ሊያሞቀው ወይም ሊያቀዘቅዘው ይችላል፤ ሸረሪትም በዚያው ትገባለች፣ ሌንሱ ላይ ስትራመድ ደግሞ ለሴንሰሩ ግዙፍ ናት።

ቦታ መቀየር ካልተቻለ የሌንሱን አንድ ክፍል መሸፈን አለ። አላርሙ መጀመሪያ በሙከራ ሁኔታ ላይ ይደረጋል፤ አለበለዚያ ክዳኑ ሲከፈት ራሱ ይጮሃል። ከዚያ በሌንሱ የውስጥ በኩል፣ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ሂተሩ በሚያዩት ክፍሎች ላይ ጥቁር ናስትሮ ይለጠፋል። ጠቋሚውን በጣት መንካት አይገባም። ሽፋኑ ዋጋ አለው፣ የተሸፈነው አቅጣጫ ዕውር ይሆናል። ስለዚህ ክዳኑ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ሌባ ሊገባባቸው ከሚችሉ በሮችና መስኮቶች ሁሉ ዝግ ብሎ እየተራመዱ የሴንሰሩ ትንሽ መብራት መብራቱን ማየት ግድ ነው።

የሌሊቱ ጩኸት ሌላ ታሪክ ነው፤ ድመቷ ናት። ይህን ሴንሰር ሲገዙ ካርቶኑ ላይ «እስከ 25 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ አይጮህም» ተብሎ ተጽፏል፣ ድመቷ ደግሞ 4 ኪሎ አትሞላም። ሴንሰሩ ግን ሚዛን የለውም። ስሌቱ የተሠራው እንስሳው ወለል ላይ ነው በሚል ግምት ነው፦ ወደ ታች የሚያዩት የሌንሱ መስመሮች ተቀንሰዋል ወይም ደክመዋል። ድመቷ ከሶፋው ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ስትዘል ከወለሉ ወጥታ፣ ለሴንሰሩም ቀርባ፣ ለሰው በተተዉት የላይ መስመሮች ውስጥ ትገባለች። ሴንሰሩ ወደ ታች ዘንበል ተደርጎ ከተሰቀለም ስሌቱ ይፈርሳል፣ ያኔ ወለል ላይ የተኛችው ድመት እንኳ ስትነሳ ልታስጮኸው ትችላለች። መፍትሔው ሴንሰሩን ቀጥ አድርጎ በታዘዘው ከፍታ መስቀል፣ መደርደሪያውን ከፊቱ ማንሳት፣ ይህም ካልሆነ ማታ ማታ ድመቷን ሌላ ክፍል ማሳደር ነው። ጥበቃውን ለበሩና ለመስኮቱ መክፈቻ ሴንሰሮች ትቶ የሳሎኑን ሞሽን ሴንሰር ሌሊት ማጥፋትም ያዋጣል።

ከኢንፍራሬዱ ሌላ በማይክሮዌቭ የሚሠራ ክፍል ያለው ሴንሰርም ገበያ ላይ አለ፤ የሚጮኸው ሁለቱም ከተስማሙ ነው። የሞቀ ወለል አይንቀሳቀስምና ለፀሐይ ጥሩ መከላከያ ነው። ለድመቷ ግን ብቻውን አይበቃም፤ እሷ ትሞቃለችም፣ ትንቀሳቀሳለችም። ፀሐይ የመታችው የሚወዛወዝ መጋረጃም ሁለቱን ሊያስማማ ይችላል። ማይክሮዌቩ ስስ ግድግዳ ስለሚያልፍ ርቀቱን በክፍሉ ልክ ማሳጠር ይኖርበታል፤ ካልሆነ በኮርኒስ ጣውላ በተከፈለ ክፍል ውስጥ ከወዲያ ማዶ የሚራመደውን ሰው ጭምር ይቆጥራል።