ደረሰኝ ብቻውን ወጪን አያጸድቅም፦ ለአገር በቀል ድርጅት የፋይናንስ ባለሙያ

የአገር በቀል ድርጅቶች የፋይናንስ ባለሙያዎች ኦዲተር ወጪ ውድቅ ሲያደርግባቸው በጣም የሚያሳዝናቸው ገንዘቡ በትክክል ለሥራው የዋለ መሆኑ ነው። ዕቃው ተገዝቷል፣ ደረሰኙ አለ፣ የሰረቀ የለም፤ ገንዘቡ ግን ይመለስ ይባላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የድጋፍ ስምምነቱ አባሪዎች ውስጥ ይገኛል። ለጋሹ የሚጠይቀው «ገንዘቡ ወጥቷል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ መቼ ወጣ፣ ከየትኛው የበጀት መስመር ወጣ፣ በምን ምንዛሪ ተሰላ ብሎም ይጠይቃል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የአውሮፓ ኅብረት ለውጭ ትብብር ሥራዎች በሚጠቀምበት የድጋፍ ውል እንያቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ድርጅቶች የሚፈርሙት ውል ነው፤ የሌሎች ለጋሾች ውልም በአሠራሩ ብዙ አይርቅም።

ምሳሌያችን ይህ ይሁን። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ አንድ ማኅበር ንብ አናቢ ሴቶችን ለማሠልጠንና ዘመናዊ ቀፎ ለማከፋፈል የ120,000 ዩሮ ድጋፍ አገኘ። የትግበራው ጊዜ በፈረንጆቹ ከጥር 1 ቀን 2024 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2025 ነው። በበጀቱ ለመሣሪያና አቅርቦት 20,000 ዩሮ፣ ለጉዞ 8,000 ዩሮ ተይዟል፤ ቀሪው ለደመወዝ፣ ለሥልጠና፣ ለቢሮና ለሌሎች ወጪዎች ተከፋፍሏል።

ውሉ የአንድ ወረቀት ጉዳይ አይደለም። ከፊት ያለው ክፍል «ልዩ ሁኔታዎች» ይባላል፤ የገንዘቡ መጠን፣ የትግበራው ቀንና የክፍያው አከፋፈል እዚያ ላይ ነው። ከኋላው የሥራው ዝርዝር፣ «አጠቃላይ ሁኔታዎች» እና በጀቱ በአባሪነት ይያያዛሉ። ልዩ ሁኔታዎቹና አባሪዎቹ ከተጋጩ ልዩ ሁኔታዎቹ ይገዛሉ። ስለዚህ ለምሳሌ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተቀባይነት ያለው ወጪ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከጎረቤት ድርጅት ልምድ አይቅዱት፤ የራስዎን ልዩ ሁኔታዎች ይክፈቱ። በብዙ ድርጅቶች የውሉ ቅጂ ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ የፋይናንስ ባለሙያው የሚደርሰው የበጀቱ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕጎቹ ያሉት በሠንጠረዡ ላይ ሳይሆን በአጠቃላይ ሁኔታዎቹ ውስጥ ነውና።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ «መቼ» እንሂድ። በዚህ ውል አንድ ወጪ ተቀባይነት እንዲያገኝ በትግበራው ጊዜ ውስጥ መፈጠር አለበት። ወጪ ተፈጠረ የሚባለው ውል ሲፈረም፣ ትእዛዝ ሲሰጥ ወይም ገንዘብ ሲከፈል አይደለም፤ ዕቃው ገቢ ሲሆን ወይም አገልግሎቱ ሲሰጥ ነው። ማኅበራችን ገንዘብ እንዳይተርፍበት ሰግቶ በታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ቀፎ አዘዘ እንበል፤ በዚያው ቀን ሙሉውን ከፈለ። አቅራቢው ቀፎውን ያደረሰው ግን ጥር 2 ቀን ነው። የትግበራው ጊዜ የሚያበቃበት ታኅሣሥ 31 ቀን 2025 በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ነው። ክፍያው በጊዜው ውስጥ ቢሆንም ዕቃው ከጊዜው ውጪ ስለገባ ወጪው ውድቅ ነው። ነገሩ ተገልብጦ ቢሆን፣ ማለትም ቀፎው ታኅሣሥ 20 ገብቶ ክፍያው በጥር ቢፈጸም ኖሮ፣ የመጨረሻው ሪፖርት ከመቅረቡ በፊት ተከፍሎ እስካለቀ ድረስ ወጪው ይያዛል። የተፈቀደው ልዩነት የመጨረሻው ሪፖርት፣ የወጪ ማረጋገጫው ኦዲትና የማጠቃለያ ግምገማ ነው፤ እነዚህ ከትግበራው ጊዜ በኋላ ቢሠሩም ወጪያቸው ይታወቃል።

ከዚህ የሚወጡ ሁለት የሥራ ልማዶች አሉ። አንደኛ፣ ከክፍያ ቫውቸሩ ጋር የዕቃ መረከቢያው ሰነድ ቀኑና ፊርማው ተሟልቶ ይያያዝ፤ ኦዲተሩ ቀኑን የሚያነበው ከእሱ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ደረሰኝ ሁሉ ጠርዙ ላይ የፈረንጅ ቀኑ ይጻፍበት። የዓመት መለወጫው፣ የጳጉሜን ቀናትና የበጀት ዓመቱ መዝጊያ የሚያሳስቱት ሰው ብዙ ነው።

ሌሎቹ መመዘኛዎች ደግሞ እነዚህ ናቸው። ወጪው በበጀቱ ላይ የተመለከተ፣ ለሥራው አስፈላጊ፣ በሒሳብ መዝገብ የሰፈረና በሰነድ የሚረጋገጥ፣ የአገሩን የግብርና የሠራተኛ ሕግ የጠበቀ መሆን አለበት። ነዳጅ እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሰናክላል። የማደያ ደረሰኝ ብቻ አይበቃም፤ ውሉ የተጓዘውን ርቀት፣ የመኪናውን አማካይ ፍጆታና የነዳጁን ወጪ የሚያሳይ ማጠቃለያ ይጠይቃል። የጉዞ መዝገብ ያልተያዘለት ሞተር ሳይክል ነዳጁ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ደመወዝም እንዲሁ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ በሦስት ፕሮጀክቶች ላይ የምትሠራ ከሆነ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያው ስንት ሰዓት ለየትኛው እንደዋለ ማሳየት አለበት። ያለበለዚያ አንዱ ደመወዝ ለሁለት ለጋሾች ተወራርዶ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ከስህተት አልፎ በማጭበርበር ሊያስጠረጥር ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የበጀት መስመር ነው። ሠንጠረዡ ላይ ዋና ርዕሶች አሉ፤ በየርዕሱ ሥር ደግሞ ዝርዝር መስመሮች። በአንድ ርዕስ ሥር ካለ መስመር ወደ ሌላው ገንዘብ ማዛወር ይቻላል፤ ለለጋሹ ቢዘገይ በሚቀጥለው ሪፖርት ይገለጻል። በርዕሶች መካከል ማዛወርም ይፈቀዳል፤ ግን ለውጡ በሚመለከታቸው በሁለቱም ርዕሶች ላይ ከ25 በመቶ መብለጥ የለበትም። ነዳጅ ስለተወደደ ማኅበራችን ከመሣሪያ ርዕስ 4,000 ዩሮ ወደ ጉዞ ማዛወር ፈለገ እንበል። ከመሣሪያው አንጻር 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ከጉዞው አንጻር ግን 8,000 ላይ 4,000 መጨመር 50 በመቶ ነው። ስለዚህ አይቻልም። ያለፈቃድ የሚዛወረው እስከ 2,000 ዩሮ ብቻ ነው።

ከፋፍሎ ማለፍም አያዋጣም። በመጀመሪያው ዓመት 1,500፣ በሁለተኛው 1,500 ቢዛወር መቶኛው የሚሰላው መጀመሪያ ከተፈረመው 8,000 ላይ ተደምሮ ነው፤ 3,000 ዩሮ 37.5 በመቶ ይሆናል። ከዚህ በላይ ከተፈለገ የውል ማሻሻያ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ጥያቄውም ማሻሻያው እንዲጸና ከሚፈለግበት ቀን 30 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት። ለቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎችና ለመጠባበቂያ የተያዘው ገንዘብ ግን በዚህ የ25 በመቶ መብት አይነካም። መጠባበቂያውን ለመጠቀም ሁልጊዜ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎች የሚባሉት የድርጅቱ የጋራ ወጪዎች ናቸው፤ ተቀባይነት ካገኙት ቀጥተኛ ወጪዎች እስከ 7 በመቶ ያለ ደረሰኝ ይከፈላሉ። በዚህም ምክንያት 1,000 ዩሮ ቀጥተኛ ወጪ ውድቅ ሲሆን ድርጅቱ የሚያጣው 1,070 ነው። ይህን 7 በመቶ ከአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ20 በመቶ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ጋር አያምታቱት። ለጋሹ በቀጥተኛ ወጪ የሚቀበለውን የኦዲት ክፍያ አዋጁ ከአስተዳደር ወጪ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወጪ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አንድ የለጋሽ ኮድ፣ አንድ ደግሞ የአዋጁ ኮድ ቢኖረው የዓመቱ መጨረሻ ሥራ በግማሽ ይቀልላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ሪፖርት ያበላሸው ይህ ነው። የውሉ ደንብ፣ ልዩ ሁኔታዎቹ ሌላ ካላሉ በቀር፣ ወጪው ወደ ዩሮ የሚለወጠው የለጋሹ ገንዘብ በድርጅቱ መዝገብ በገባበት ምንዛሪ ነው ይላል። ማኅበራችን በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ 60,000 ዩሮ ቅድመ ክፍያ ተቀበለ፤ ለስሌት እንዲቀል በ60 ብር ገባ እንበል፣ 3,600,000 ብር። በጥቅምት ወር ከዚሁ ገንዘብ በ780,000 ብር ቀፎ ገዛ። የዚያን ቀን ዩሮ 130 ብር ነበር እንበል። ባለሙያው በዕለቱ ምንዛሪ ቢያሰላ 6,000 ዩሮ ይመዘግባል። ትክክለኛው ግን 780,000 ለ60 ሲካፈል፣ 13,000 ዩሮ ነው። ባንክ ውስጥ ያለው ብር በ60 የተገዛ ብር ነውና። 6,000 ብሎ የጻፈ ሰው ያልተረፈ 7,000 ዩሮ በወረቀት ላይ አስተርፏል፤ መጨረሻ ላይ ከየት አምጥቶ ይመልሰዋል? ይህ የመጀመሪያው ክፍያ አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር ምንዛሪው የሁለተኛው ይሆናል፤ የትኛው ወጪ ከየትኛው ክፍያ እንደወጣ መለየት ግዴታ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስህተቱ ሪፖርቱንም ይጎዳል። ጊዜያዊ ሪፖርት ከክፍያ ጥያቄ ጋር ሲቀርብ ከቅርቡ ክፍያ ቢያንስ 70 በመቶ፣ ከዚያ በፊት ካሉት ደግሞ 100 በመቶ ወጪ መሆኑ ይታያል። ከ60,000 ዩሮ 70 በመቶው 42,000 ነው። ማኅበሩ ያወጣው 43,000 ሆኖ ሳለ በቀፎው ስሌት ስህተት 36,000 ብሎ ቢጽፍ፣ የጎደለው 6,000 ዩሮ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነሳል። ከሪፖርቱ በፊት በራስዎ መዝገብ ማረጋገጥ ይቻላል፦ ከተቀበሉት ዩሮ ላይ የተዘገበውን ወጪ ይቀንሱ፣ ቀሪውን በገባበት ምንዛሪ ወደ ብር ይመልሱ። በባንክና በካዝና ካለው ጋር ካልገጠመ ስሌቱ አንድ ቦታ ተዛብቷል።

የመጨረሻው ሪፖርት ድርጅቱ መቀመጫው ሥራው በሚከናወንበት አገር ከሆነ የትግበራው ጊዜ ባበቃ በሦስት ወር ውስጥ ይቀርባል፤ ለማኅበራችን እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ፋይሉ አይዘጋም። ድጋፉ ከ60,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ሰነዶቹ የመጨረሻው ቀሪ ክፍያ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት መቀመጥ አለባቸው፤ ከዚያ በታች ለሆነ ሦስት ዓመት። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ግን በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ከዚያ ቀድሞ ይደበዝዛል። ደረሰኙ እጅዎ በገባበት ዕለት ፎቶ ኮፒ ያንሱት፣ ኮፒውን ከዋናው ጋር ያያይዙት፤ ነገ ብለው አያሳድሩት።