የወር አበባ ሲቀር አጥንት ምን ይሆናል?

ሩጫ በሚለማመዱ ልጃገረዶች ዘንድ የወር አበባ መቅረት ብዙ ጊዜ እንደ ሕመም አይታይም። እንዲያውም እፎይታ ነው፤ የሆድ ቁርጠት የለ፣ የሞዴስ ወጪ የለ፣ የውድድሩ ቀን ከወር አበባ ጋር ይገጥም ይሆን የሚል ጭንቀት የለ። ጉዳዩ ወደ አሰልጣኝ ጆሮ ቢደርስም መልሱ «ልምምዱ ስለከበደ ነው፣ ሲቀል ይመለሳል» የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሹ ብቻ ልክ ነው። የወር አበባን የሚያቆመው የልምምዱ ክብደት ራሱ ሳይሆን ልምምዱ የወሰደው ጉልበት በምግብ ሳይተካ መቅረቱ ነው።

አን ላውክስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ2003 ያሳተመችው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የወር አበባቸው በወቅቱ የሚመጣ፣ ስፖርት የማይሠሩ ወጣት ሴቶች ለ5 ቀን ያህል እየተለማመዱ የተመጠነ ምግብ እንዲበሉ ተደረገ። የልምምዱ መጠን ለሁሉም አንድ ነበር፤ የተለያየው የምግቡ መጠን ነው። በበቂ የበሉት ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። ምግባቸው ከተወሰነ መጠን በታች የወረደው ግን ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ ወደ ኦቫሪ የሚላከው የሆርሞን ምት በ5 ቀን ውስጥ ተዛባባቸው።

ያ መጠን ምን ያህል ነው? የአንዲት ሯጭ ሒሳብ እንሥራ። ዕድሜዋ 19፣ ክብደቷ 48 ኪሎ ነው እንበል። ስቡ ሲቀነስ ጡንቻው፣ አጥንቱና ሌላው አካሏ ወደ 41 ኪሎ ይመጣል። በቀን 18 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ሩጫ በግምት ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ በየኪሎ ሜትሩ 1 ካሎሪ ስለሚወስድ ልምምዱ ብቻ ወደ 860 ካሎሪ ይበላባታል። በቀን የምትመገበው 1900 ካሎሪ ቢሆን ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለሙቀት፣ ለማሕፀንና ለአጥንት የሚተርፈው 1040 ነው። ይህ ለ41 ሲካፈል 25 ካሎሪ ለኪሎ ይደርሳል። የሰውነት ሥራ ሳይጓደል የሚሄደው ወደ 45 ገደማ ሲሆን ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድ መዛባቱ በብዙዎች ላይ ይጀምራል። ድንበሩ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዷ 28 ላይ ደህና ስትሆን ሌላዋ 33 ላይ የወር አበባዋ ሊቀር ይችላል። ያም ሆኖ የዚህች ልጅ ጉድለት በቀን ወደ 800 ካሎሪ ነው። ራቧ ግን ያን ያህል አይነግራትም፤ ከባድ ልምምድ ለጊዜው የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ «ጠግቤያለሁ» ብላ ትነሣለች።

ክብደቷም ላይቀንስ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ሲያጥረው ሰውነት ወጪ ይቆጥባል። የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል፣ የልብ ምት ይዘገያል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል። ሚዛኑ ግን ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ክብደቷን ብቻ የሚያይ አሰልጣኝ ወይም ሐኪም ችግሩን ያልፈዋል። ስፖርት ሳትሠራ ቁርስና ምሳ እየዘለለች የምትከሳ ልጅም መጨረሻዋ ያው ነው።

አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ጉልበት ማጠሩን ሲያውቅ ለመራባት የሚልከውን ትእዛዝ ያዘገየዋል፤ ኦቫሪዎቹም እንቁላል ማውጣት ያቆማሉ፤ ኢስትሮጅን ይወርዳል። አጥንት የሚጎዳው በዚህ ነው። አጥንት ሁልጊዜ የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው፤ ኢስትሮጅን አፍራሾቹን ሴሎች ይገታል። ሲጠፋ ማፍረሱ ይበረታል። በዚያው ላይ ምግብ በማጣት ብቻ የሚቀንሱ ሌሎች ሆርሞኖች ስላሉ የገንቢዎቹም ሥራ ይዳከማል። አጥንቱ ከሁለት ወገን ይጎዳል ማለት ነው። ጊዜውም ክፉ ነው፤ አንዲት ሴት በሕይወቷ ከምታከማቸው አጥንት አብዛኛው እስከ 20 ዓመቷ ገደማ ይገነባል። በ17 ዓመቷ የወር አበባዋ ለሁለት ዓመት የቀረባት ልጅ ከያዘችው ላይ ብቻ ሳይሆን ገና ልታከማች ከነበረውም ታጣለች።

ባርባራ ድሪንክዎተር በ1984 ባሳተመችው ጥናት የወር አበባቸው የቀረ ስፖርተኞችን በወቅቱ ከሚመጣላቸው ስፖርተኞች ጋር አነጻጽራለች። የወር አበባቸው የቀረባቸው አማካይ ዕድሜ 25 ገደማ ነበር፤ የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት ግን 50 ዓመት ያለፋቸውን ሴቶች ይመስል ነበር። ሩጫ አጥንት ያጠነክራል ቢባልም ኢስትሮጅን ለጠፋበት የጀርባ አጥንት አልደረሰለትም። ተመራማሪዋ በኋላ የተወሰኑትን ስትከታተል፣ ልምምድ ቀንሰውና ክብደት ጨምረው የወር አበባቸው የተመለሰላቸው በመጀመሪያው ዓመት ከ6 በመቶ በላይ አጥንት አገገሙ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭማሪው እየቀነሰ ሄደ። ከጠፋው ሁሉም አይመለስም።

ሯጭዋ ዘንድ ነገሩ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ በቅልጥም ወይም በእግር መዳፍ አጥንት ሕመም ነው። ጡንቻ እንደተሳበ ሕመም ሰፋ ብሎ አይሰማም፤ በአንድ ጣት ተጭነው የሚያሳዩት አንድ ነጥብ ላይ ያማል፣ ስትሮጥ ይብሳል፣ ሲከፋ በእረፍትም አይለቅም። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» መባሉ ለመሮጥ ፈቃድ አይደለም። የብሽሽት ሕመም ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል፤ የጭን አጥንት አንገት ሲሰነጠቅ እንደዚያ ሊሰማ ስለሚችል ልምምድ አቁሞ በአስቸኳይ መታየት ያስፈልጋል።

የወር አበባ ሦስት ወር በተከታታይ ከቀረ ወይም 15 ዓመት ሞልቶ ገና ካልጀመረ መመርመር ይገባል። ምግብ ማነሱ ምክንያት ነው ከመባሉ በፊት እርግዝና፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን ችግር፣ የኦቫሪ በሽታ አለመኖራቸው በምርመራ መረጋገጥ አለበት። በዚህ መካከል አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ጊዜ መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ ክኒን ነው፤ ሲወሰድ በየወሩ ደም ይመጣል፣ ልጅቱም ዳነች ይባላል። ያ ደም ክኒኑ ሲቋረጥ የሚመጣ እንጂ ኦቫሪ ሥራ ለመጀመሩ ምልክት አይደለም። በቆዳ ላይ ከሚለጠፈው ኢስትሮጅን በተለየ፣ ክኒኑ በእነዚህ ሴቶች ላይ አጥንትን እንደማይጠብቅ ጥናቶች አሳይተዋል። የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ባወጣው መመሪያም ለዚህ ዓላማ ክኒኑን አይመክርም። ማስታገሻው ምልክቱን ሸፍኖ ጉዳቱን ያስረዝመዋል።

መድኃኒቱ ምግብ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነም ልምምድ መቀነስ። ከላይ ያሰላንላት ልጅ ሁሉንም በአንድ ቀን መሙላት የለባትም። በ300 ካሎሪ መጀመር ትችላለች፤ ከልምምድ መልስ ወዲያው አንድ ብርጭቆ ወተትና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል። ሲለመድ በቀኑ መካከል አንድ እፍኝ ለውዝና ሙዝ ይጨመራል፤ በወጡ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ተጨማሪ 120 ካሎሪ ነው። ጾም ላይ ያለች ወተቱንና እንቁላሉን በለውዝ፣ በሽሮና በቆሎ ልትተካ ትችላለች። የጾም ምግብ ራሱ ችግር አይደለም፤ ሳይበሉ ረጅም ሰዓት እየቆዩ ጠዋት መሮጥ ግን ጉድለቱን ያሰፋዋል። ስለመብላት ማሰብ ራሱ የሚያስጨንቃት ከሆነ የምግብ ምክር ብቻ አይበቃትም፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ያስፈልጋታል።

የወር አበባው በሳምንታት አይመለስም፤ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚመለሱት ጉልበት፣ እንቅልፍና የእጅ ሙቀት ናቸው። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እንቁላል የሚወጣው የመጀመሪያው ደም ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ስለሆነ፣ «የወር አበባዬ ስላልመጣ አላረግዝም» ያለች ሴት ልታረግዝ ትችላለች።