አፑን ሲከፍቱ ብቻ የሚመጣ መልእክት

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳታው በርቷል፣ ድምፁም አልጠፋም። ለሰዓታት ጭጭ ብሎ ይቆይና ባለቤቱ ዋትስአፕን ሲከፍት ግን የጧቱም የቀትሩም መልእክት፣ ያልተነሣ ጥሪ ጭምር፣ ባንድ ጊዜ ይግተለተላል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል። ነገሩ አንድ ቀን ብቻ ከደረሰ እውነትም ኔትወርኩ ሊሆን ይችላል። አፑ በተከፈተ ቁጥር የሚደገም ከሆነ ግን ምክንያቱን መፈለግ ያለብን ስልኩ ውስጥ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ በተሠራው ሥርዓት ላይ ነው።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የባንክና የቴሌብር አጭር መልእክት ሳይዘገይ መድረሱ ነው። ኤስኤምኤስ የሚመጣው በድምፅ ጥሪው ኔትወርክ በኩል ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የባትሪ ቁጠባውም አይነካውም። የዋትስአፕና የቴሌግራም መንገድ ሌላ ነው።

መልእክቱ በየት በኩል ይመጣል?

ስልክ ላይ ያለ እያንዳንዱ አፕ «አዲስ ነገር መጣልኝ ወይ?» እያለ የየራሱን ሰርቨር ቢጠይቅ ባትሪው ግማሽ ቀን አይቆይም። ስለዚህ በአብዛኛዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ጉግል ለሁሉም የሚያገለግል አንድ መስመር ዘርግቷል። ብዙ ተከራይ ያለበትን ግቢና የበሩን ዘበኛ ማሰብ ይቻላል። ተከራዮቹ ይተኛሉ፤ ነቅቶ የሚያድረው ዘበኛው ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚፈለገውን ተከራይ በር ያንኳኳል። ሰው መልእክት ሲልክልዎ የዋትስአፕ ሰርቨር ለጉግል ሰርቨር ይነግራል፤ የጉግል ሰርቨር በተከፈተው መስመር ስልክዎን ይጠራል፤ ስልኩም የተኛውን ዋትስአፕ ይቀሰቅሰዋል። ዋትስአፕ ነቅቶ መልእክቱን ካመጣ በኋላ ነው ድምፁን የሚሰሙት።

ጉግል በ2015 ባወጣው አንድሮይድ 6 ላይ «ዶዝ» የሚባል የእንቅልፍ ሥርዓት ጨመረ። ስልኩ ከቻርጀር ተነቅሎ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ለጥቂት ጊዜ ከቆየ አፖች ኢንተርኔት እንዳይጠቀሙ ይታገዳሉ። በየመሀሉ አጭር ጊዜ ተከፍቶላቸው የተጠራቀመ ሥራቸውን ይጨርሱና ተመልሰው ይተኛሉ። ስልኩ ሳይነካ በቆየ መጠን ይህች ክፍት ጊዜ እየራቀች ትሄዳለች። በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7 ደግሞ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ እየተንቀሳቀሰም ቢሆን፣ ስክሪኑ ከጠፋ፣ ቀለል ያለ እገዳ እንዲኖር አደረገ። በ2018 በአንድሮይድ 9 አፖች ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚከፍታቸው እየታየ በደረጃ ይመደቡ ጀመር፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ አፕ ከጀርባ የመሥራት ዕድሉ ይጠብበታል።

ሆኖም ዶዝ አስቸኳዩን መልእክት አይዘጋም። ላኪው ሰርቨር መልእክቱን «አስቸኳይ» ብሎ ከላከው ስልኩ ተኝቶም ቢሆን አፑ ይቀሰቀሳል። የውይይትና የጥሪ አፖች የሚልኩት በዚህ ደረጃ ነው። ተራ ተብሎ የተላከ የዜና ወይም የማስታወቂያ ኖቲፊኬሽን ግን ክፍቷን ጊዜ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድሮይድ ጉግል እንደሠራው ቢቀር ኖሮ የዋትስአፕ ጥሪ ሳይሰማ የሚቀርበት ምክንያት እምብዛም ባልኖረ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ከአምራቹ ነው

ስልክ አምራቾች የሚፎካከሩበት አንዱ ነገር የባትሪ ቆይታ ነው። ስለዚህ ሳምሰንግ፣ ሻኦሚ፣ ሁዋዌ፣ ኦፖ፣ ቪቮ፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሌሎችም በጉግል ሥርዓት ላይ የየራሳቸውን ጨምረውበታል። አንዳንዱ ብዙ ያልተከፈተን አፕ ያስተኛል፤ አንዳንዱ ስክሪኑ እንደጠፋ ከጀርባ የሚሠራውን ይዘጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱ በቅርቡ ከተከፈቱት መካከል አፑን በጣቱ ጠርጎ ሲያስወጣው ጨርሶ ይገድለዋል። አንድ ዓይነት አፕ በአንዱ ሰው ስልክ በሰዓቱ እየጮኸ በሌላው ስልክ ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

መታወቅ ያለበት በተኛ አፕና በግድ በተዘጋ አፕ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የተኛ አፕ ሲጠሩት ይነሣል። በግድ የተዘጋ አፕ ግን በአንድሮይድ ሕግ መሠረት ባለቤቱ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ምንም ዓይነት ጥሪ አይደርሰውም፤ አስቸኳይ የተባለውም ቢሆን። ዘበኛው በሩን እንዳያንኳኳ ታዟል ማለት ነው። አፑ ሲከፈት መልእክቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚግተለተለው ለዚህ ነው። «ስልክ ያጸዳሉ»፣ «ራም ያስለቅቃሉ» የሚባሉት አፖች የሚያደርሱት ጉዳትም ከዚሁ ይመነጫል፤ አጸዳን የሚሉት አፖቹን እየዘጉ ነው።

እንዴት ይታወቃል?

መጀመሪያ ላኪውን ይጠይቁ። ዋትስአፕ ላይ አንድ ግራጫ ምልክት ማለት መልእክቱ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፣ ስልኩ ግን አልተቀበለውም ማለት ነው። ሁለት ምልክት ከሆነ ስልኩ ተቀብሎታል። ዳታዎ በርቶ ሳለ ምልክቱ አንድ ሆኖ ቆይቶ አፑን ሲከፍቱ ወዲያው ሁለት ከሆነ አፑ ታግዶ ነበር። ሁለት ምልክት እየታየ ድምፅ ካልሰሙ ግን ጉዳዩ የባትሪ አይደለም፤ የአፑን የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ይመልከቱ። በ2022 ከወጣው አንድሮይድ 13 ጀምሮ አፖች ይህን ፈቃድ መጠየቅ ስላለባቸው፣ አንዴ «አይሆንም» የተባለ አፕ ዝም እንዳለ ይቀራል። በቴሌግራም ይህን ሙከራ አያድርጉ፤ እዚያ ሁለት ምልክት የሚያሳየው መነበቡን ነው።

ቀጥሎ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተው ስክሪኑን አጥፍተው ይተዉትና ከአንድ ሰዓት በኋላ መልእክት ያስልኩ። ዶዝ ቻርጅ ላይ ያለን ስልክ አያስተኛም። ሲሰካ በሰዓቱ እየመጣ ሲነቀል የሚዘገይ ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋገጠ።

ሦስተኛው መንገድ አፑን ሳይከፍቱ የሚደረግ ነው። የአፑን ምስል ጫን አድርገው ይያዙና App info ውስጥ ይግቡ። Force stop የሚለው ቁልፍ እርስዎ ሳይነኩት ደብዝዞ፣ የማይጫን ሆኖ ካገኙት አፑ ቀድሞውኑ በግድ ተዘግቷል። ይህን ከማየትዎ በፊት አፑን ከከፈቱት ግን ምልክቱ ይጠፋል።

አንድ ስልክ እናስተካክል

ለምሳሌ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ የያዙ አንዲት እናትን እንውሰድ። የሰፈሩን ሰው የሚያገኙት በተራ ስልክ ጥሪ ነው፤ ዋትስአፕን የሚከፍቱት ውጭ አገር ካለው ልጃቸው ጋር በሳምንት አንዴ ሲነጋገሩ ብቻ ነው። ልጁ ሲደውል በእሱ ስልክ ላይ Calling የሚለው ጽሑፍ ወደ Ringing ሳይለወጥ ይቋረጣል። ይህ ማለት ጥሪው የእናቱ ስልክ ጋ አልደረሰም። ሳምሰንጉ ከራሱ አንጻር ትክክል ነው፤ በሳምንት አንዴ የሚከፈተውን አፕ የማይፈለግ አድርጎ ቆጥሮታል።

ማስተካከያው ሁለት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «አልሠራም» ይላል። አንደኛው የአንድሮይድ ነው። የዋትስአፕን ምስል ጫን አድርጎ App info፣ ቀጥሎ Battery ውስጥ ገብቶ Unrestricted የሚለውን መምረጥ። ሁለተኛው የሳምሰንግ ነው። Settings ውስጥ Battery፣ ከዚያ Background usage limits ይከፈታል፤ በአንዳንዱ ስልክ Battery የሚገኘው Device care በሚለው ሥር ነው። እዚያ Sleeping apps እና Deep sleeping apps የሚሉ ሁለት ዝርዝሮች አሉ። የመጀመሪያው የሚያስተኛ፣ ሁለተኛው ባለቤቱ እስኪከፍተው ድረስ ፈጽሞ የሚዘጋ ነው። ዋትስአፕ በየትኛውም ውስጥ ከተገኘ ከዚያ አውጥቶ Never sleeping apps ውስጥ መጨመር ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ይህ ዝርዝር Never auto sleeping apps ይባላል።

ከዚያ ይሞከራል። ስልኩ ተነቅሎ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆይና ልጁ መልእክት ይልካል። እናትየው ምንም ሳይነኩ በልጁ ስልክ ላይ ሁለት ምልክት ከታየ ተስተካክሏል። ማታ ስልኩ የኃይል ቁጠባ ላይ የሚደረግ ከሆነ እሱም እንዲጠፋ ይሁን፤ አለበለዚያ መዘግየቱ ሊመለስ ይችላል።

ሌሎች ስልኮች ላይ የሚለየው የሁለተኛው ቦታ ስም ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ Phone Master በሚለው አፕ ውስጥ አፖች በራሳቸው እንዲነሡ የሚፈቀድበት ክፍል አለ። ሻኦሚ ላይ App info ውስጥ Autostart ይበራል፣ በባትሪው በኩል ደግሞ No restrictions ይመረጣል። ሁዋዌ ላይ App launch በሚለው ክፍል የአፑ አውቶማቲክ ቁጥጥር ይጠፋና የሚመጡት ሦስት ፈቃዶች በሙሉ ይበራሉ። ቦታው ከጠፋዎ Settings አናት ላይ ባለው መፈለጊያ battery ወይም auto ብለው ይጻፉ። ከ2019 ወዲህ የጉግል አገልግሎት ሳይኖራቸው የተሠሩት የሁዋዌ ስልኮች ላይ የጋራው የጉግል መስመር ስለሌለ፣ ብዙ አፖች የራሳቸውን መስመር ከፍተው መቆየት አለባቸው፤ ፈቃዱ የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። ቴሌግራም በራሱ ሴቲንግ Notifications and Sounds ውስጥ Keep-Alive Service እና Background Connection የሚሉ ማብሪያዎች አሉት።

ይህን ፈቃድ ለሁሉም አፕ መስጠት ግን አይገባም። የተለቀቀው አፕ በበዛ ቁጥር ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ሥርዓቱ የተሠራበት ምክንያትም እውነተኛ ነው። ሰው ጥሪ ለሚጠብቅባቸው ሁለት ሦስት አፖች ብቻ ይፍቀዱ፤ ጨዋታው፣ የቪዲዮውና የገበያው አፕ ቢተኛ የሚጎዳ የለም። የስልኩ ሶፍትዌር አፕዴት ሲደረግ ቅንብሩ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ ሁለቱን ቦታዎች ደግመው ይዩ፤ ከወዳጅ ጋርም የአንድ መልእክት ሙከራ ያድርጉ።