ለአከራይ ስለሚጻፍ የኪራይ ደብዳቤ

ተከራይ በኪራይ ጭማሪ ጕዳይ ለአከራዩ ሲጽፍ፥ ስለ ኑሮ ውድነት ከማማረር ይልቅ የሰፈሩ ኪራይ ያደገበትን መጠን ከገቢው እድገት ጋር አነጻጽሮ ቢያቀርብ ነገሩ ይጸናለታል።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ደመወዙ ከ30,000 ወደ 33,000 ብር ያደገ ሠራተኛ፥ 12,000 ብር ይከፍልበት ለነበረው ኮንዶሚኒየም 15,000 ቢጠየቅ፥ ገቢው በመቶ 10 ሲያድግ ኪራዩ በመቶ 25 ያድጋል፤ ቀድሞ ከደመወዙ በመቶ 40 ይወስድ የነበረውም ከ45 ያልፋል።

የሰፈሩን ዋጋ ሲመረምር፥ ደላላ የሚጠራው ገና ያልተከራየ ቤት ዋጋ ነውና፥ በዚያው ግቢ በመኝታ ክፍልና በፎቅ የሚመሳሰሉ ቤቶች ነባር ተከራዮች በውል የተስማሙበትን ይያዝ። ጭማሪያቸው በመቶ 15 ሆኖ ቢገኝ እንዲህ ይጽፋል፦

«ለተከበሩ አከራዬ፥ በግቢያችን የሚመሳሰሉ ቤቶች ኪራይ በመቶ 15 መጨመሩን ተረድቻለሁ፤ ደመወዜ ግን በመቶ 10 ብቻ ስላደገ፥ ኪራዩ 13,200 ብር እንዲሆንልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

አከራዩ እንቢ ቢል፥ የሰፈሩ ልክ የሆነው 13,800 ብር የድርድሩ ጣሪያ ይሁን። ነገር ግን በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320/2016 መሠረት ተቆጣጣሪው አካል የሚያስታውቀው የጭማሪ መጠን ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ከሰፈሩ ልማድ ሕጉ ይቀድማልና፥ ደብዳቤው እርሱን ይጥቀስ።