በጥቅምት የተለካ ምንጭ

የባለድርሻ አካላት ካርታ ሥሩ ስንባል አብዛኞቻችን የምንሰቅለው ያንኑ አራት ክፍል ያለውን ሳጥን ነው። በአንድ በኩል ሥልጣን፣ በሌላው በኩል ፍላጎት። ሁለቱም ያለውን በቅርብ ያዘው፣ ሥልጣን ኖሮት እምብዛም ግድ የሌለውን አታስከፋው፣ ፍላጎት ኖሮት ሥልጣን የሌለውን አሳውቀው፣ ሁለቱም የሌለውን ከሩቅ ተከታተለው ይላል። ሳጥኑ ተፀንሶ የተወለደው ለኩባንያዎች ነው። ወደ እርዳታ ሥራ ሲመጣ ለጋሹና ወረዳው ከላይ ይቀመጣሉ፣ ጀሪካን ተሸክማ ምንጭ የምትወርደው ሴት ደግሞ «አሳውቀው» የሚለው ክፍል ውስጥ ትገባለች። ይህ ማለት ነገሩ ከተወሰነ በኋላ ይነገራታል ማለት ነው። ይህን ሳጥን ለብዙ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ግን ብቻውን አላምነውም። ለምን እንደማላምነው በአንድ ምንጭ ላሳይ።

አዲ አርቃይ ከደባርቅ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደው የሚያገኙት ወረዳ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ምንጮቹ ይሞላሉ፣ በጋው ሲገፋ ይሳሳሉ። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ ምንጭ ልናጎለብት ነው እንበል። ባለሙያው በጥቅምት ሄዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ዓይን ሥር ያስቀምጣል፤ በ40 ሰከንድ ይሞላል። በሰከንድ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ሌሊት የሚፈሰው በገንዳ ከተጠራቀመ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው የገጠር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። ስናካፍለው 1,728 ሰው ይመጣል፤ ፕሮፖዛሉ ላይም «ወደ 1,700 ተጠቃሚ» ተብሎ ይጻፋል። ያንኑ ጀሪካን በግንቦት ብናስቀምጠው ግን 100 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በቀን 17,280 ሊትር፣ ለ691 ሰው።

ውሃ በምትቀዳ እናት አንደበት ነገሩ እንዲህ ያጥራል፦ «ልጄ፣ በጥቅምትማ ማንም ውሃ አያጣም፤ በግንቦት መጥተህ ለካው።»

አሁን ካርታው ላይ ያሉትን ሰዎች በዚህች የአንድ ሺህ ሰው ልዩነት ዙሪያ አቁሟቸው። ለጋሹ የሚያየው የአንድ ሰው ወጪን ነው። በጀቱ ሳይቀየር ተጠቃሚው ከ1,700 ወደ 690 ሲወርድ የነፍስ ወከፍ ወጪው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል፤ ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ይወዳል። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የሚያየው የሽፋን መቶኛን ነው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት 1,700 ሰው «ንጹሕ ውሃ አገኘ» ብሎ ማስመዝገብ ይፈልጋል። ፕሮጀክት አስተባባሪውም ቢሆን ሥራው ጸድቆ ሠራተኞቹ ደመወዝ እንዲያገኙ ይሻል። ሦስቱም ሳይመካከሩ በአንድ ቁጥር ይስማማሉ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከርክክብ በኋላ ነው። ቀበሌው አንዴ «ሽፋን ያገኘ» ተብሎ ከተመዘገበ ከቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ይወጣል። ያ ውሃ ያልደረሰው አንድ ሺህ ሰው በወረቀት ላይ ውሃ ስላለው የሚመጣው ሌላ ድርጅትም ወደ ሌላ ቀበሌ ይመራል። በግንቦት ግን ቦኖው ላይ ሰልፉ ከንጋት በፊት ይጀምራል፤ የሩቅ ጎጥ ሴቶች ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ይህን የሚያሳይ የሩብ ዓመት ሪፖርት የለም፤ ሪፖርቱ ተጠቃሚን እንጂ የሰልፉን ርዝመት አይጠይቅም።

በዚህ ምክንያት ከሳጥኑ ጎን ሌላ መለኪያ አኖራለሁ። ሚቸል፣ አግልና ዉድ የተባሉ ሦስት ምሁራን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ባለድርሻን በሦስት ነገር ይመዝናሉ፦ ማስገደድ ይችላል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው ጊዜ የማይሰጥ ነው ወይ? ውሃ የምትቀዳዋ ሴት ሁለተኛውና ሦስተኛው አላት፣ የመጀመሪያው የላትም። እንዲህ ያለ ሰው ጉዳዩ የሚፈጸምለት ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው ከጎኑ ሲቆም ብቻ ነው። ካርታው የሚጠይቀኝ እንግዲህ ከጎኗ የሚቆመው ማን እንደሆነ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በሳጥኑ ላይ ስሙ ያልተጻፈ፣ ግን ሥራውን ማስቆም የሚችል ሰው። ምንጩ የፈለቀው በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ከሆነ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በእጁ ነው። ከታች በምንጩ ውሃ ጌሾና ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ካሉ ደግሞ ዓይኑ በሲሚንቶ ሲታሰር የእነሱ ቦይ ይደርቃል። በስብሰባ ላይ አይቃወሙም። የጉልበት ሥራ ቀን ይቀራሉ፣ ቆይቶም ቧንቧው ተሰብሮ ይገኛል። ይህን ቀድመው የሚያውቁት የወረዳ ሹም ሳይሆን የቀበሌው ሽማግሌዎችና ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ እነሱን የማገኛቸውም በሥራ ቀን ሳይሆን በበዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የትርፍ ውሃው መውረጃ ለአትክልተኞቹ እንዲለቀቅ ከግንባታ በፊት በጽሑፍ መስማማት ጥቂት ሜትር ቧንቧ ያስወጣል። ካለቀ በኋላ ከሆነ ሙግት ነው።

የተጠቃሚውን ቦታ በእውነት የቀየረ አሠራር በዚሁ ክልል ታይቷል። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል ይካሄድ የነበረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ ነገር ሞከረ። የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በኩል ለውሃ ኮሚቴው እንዲደርስ አደረገ። ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሒሳብ ያወራርዳል፤ ወረዳው ያሠለጥናል፣ ይቆጣጠራል። ይህ አሠራር በኋላ ኮዋሽ በተባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄዷል። እዚህ ላይ የነበረው ገበሬዎቹን «እናሳትፋቸው» የሚል ሥልጠና ብቻ አልነበረም፤ ግንበኛው ክፍያውን የሚጠብቀው ከእነሱ ስለሆነ ሥልጣን ወደ እነሱ ሄደ። ወሰን ግን አለው። ለእጅ ጉድጓድና ለትንሽ ምንጭ ይሠራል፤ ብዙ ቀበሌ ለሚያዳርስ፣ ሞተርና ረጅም መስመር ለሚፈልግ ግንባታ ኮሚቴው ብቻውን አይወጣውም።

ገንዘቡን ለኮሚቴው መስጠት በማንችልበት ፕሮጀክት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ፊርማዎችን መስጠት እንችላለን። አንደኛው የበጋ ልኬቱን የሚያጸድቅ ነው፦ በግንቦት ጀሪካኑ ሲሞላ ሰዓት የምትይዘው ከውሃ ቀጂዎቹ አንዷ ትሁን፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ትፈርም። ሁለተኛው የርክክብ ፊርማ ነው። እሷ ሳትፈርም የመጨረሻው ክፍያ ለተቋራጩ አይለቀቅ ብሎ በውሉ ማስገባት ይቻላል። ይህ ሲሆን «አሳውቀው» ከሚለው ክፍል ወጥታ «በቅርብ ያዘው» ወደሚለው ትገባለች።

ለጋሹስ? በልምዴ ለጋሽ የሚቆጣው በትንሽ ቁጥር ሳይሆን ከፈረመ በኋላ በተነገረው ትንሽ ቁጥር ነው። የሁለቱን ወራት ልኬት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ምንጭ 690 ሰው ያጠጣል፣ ለቀሪዎቹ ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ፕሮፖዛል ባለሙያ ያለው ለጋሽ ይረዳዋል። ወረዳውም ቀበሌውን «በከፊል የተሸፈነ» ብሎ እንዲመዘግብ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ ቀሪው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ የሚኖረው በዚያ ደብዳቤ ነው።

የፕሮፖዛል ማስገቢያ ቀኑ በጥቅምት ወይም በኅዳር ከሆነና ግንቦትን መጠበቅ ካልቻላችሁ፣ የወረዳውን ውሃ ባለሙያ ያለፉትን ዓመታት የበጋ መዝገብ ጠይቁት፤ ቀጂዎቹንም በግንቦት ስንት ጀሪካን እንደሚያገኙ ጠይቋቸው። ከዚያ 690 ከሆነ፣ ባልደረቦቼ፣ 690 ብላችሁ ጻፉ።