«በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ የተመለሰ ቼክ

ለዕቃ አቅራቢዎ የ80,000 ብር ቼክ ጻፉ። ሒሳብዎ ውስጥ 95,000 ብር ይታያል፤ ከዚህ ውስጥ 30,000ው ግን ትናንት ያስገቡት የሌላ ባንክ ቼክ ነው፤ ገና አልተጣራም። ስለዚህ ሊከፈል የሚችለው 65,000 ብቻ ነው። ቼኩ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ይመለሳል፤ በገበያ ቋንቋ ደረቅ ቼክ ሆነ።

ሁሉም የተመለሰ ቼክ ግን ደረቅ አይደለም። ፊርማው ካልተመሳሰለ ወይም በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ገንዘብ ከተለያየም ይመለሳል። ምክንያቱን ከባንኩ የመመለሻ ወረቀት ላይ ያንብቡ።

ቼክ በመመለሱ ባንክዎ በራሱ ታሪፍ መሠረት ከሒሳብዎ ክፍያ ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ የጎደለውን 15,000 ብቻ ቢያስገቡ ቼኩ በጥቂት ብር ጉድለት ዳግም ሊመለስ ይችላል፤ ጨመር አድርገው ያስገቡ። ከዚያም ለአቅራቢዎ ደውለው እንደገና እንዲያቀርበው ይጠይቁ።

በጥሬ ገንዘብ ወይም በማስተላለፍ ከከፈሉ ዋናውን ቼክ ከነመመለሻ ወረቀቱ ይቀበሉ፤ ደረሰኝም ያስፈርሙ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ስንቅ እንደሌለው እያወቁ ቼክ መስጠት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ በቸልተኝነት የተሰጠም ቢሆን ከቅጣት አያመልጥም።