ፊቷ በመስኮት ብርሃን፣ አንገቷ በአምፖል

በሙሽራ አልበም ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ። ፊቷ የራሷን የጠይም መልክ እንደያዘ ሳለ ከአገጯ በታች ያለው ቆዳ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ፊትና አንገቷ የአንድ ሰው አይመስሉም። ቤተሰብ ፎቶውን ሲያይ “ሜካፑ አንገቷ ላይ አልደረሰም” ይላል፤ ሜካፕ የሠራቻት ልጅ ትወቀሳለች። ብዙ ጊዜ ግን ሜካፑ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ክፍሉ ውስጥ አብረው የነበሩት ሁለት ብርሃኖች ናቸው።

ሙሽራዋ የምትዘጋጅበትን መኝታ ቤት እናስብ። መስኮቱ ፊት ለፊቷ ነው፤ አልጋው አጠገብ ኮመዲኖ ላይ ቢጫ አምፖል ያለው አባዡር በርቷል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የቢጫው አምፖል 2700 ገደማ ሲሆን የቀን ብርሃን 5500 ገደማ ነው፤ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት የሚገባው ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የመስኮቱ ብርሃን ከአምፖሉ እጅግ ስለሚበረታ ፊቷ ላይ ቢጫው አይታወቅም። አገጯ ግን የመስኮቱን ብርሃን ይጋርድና አንገቷ ላይ ጥላ ይጥላል። በዚያ ጥላ ውስጥ ተፎካካሪ ያጣው ደካማ አምፖል ብቻውን ይነግሣል። ክፍሉ ውስጥ ለቆመ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታየውም፤ ዓይንና አእምሮ ተባብረው ያስተካክሉታል። ካሜራ ግን ለመላው ፎቶ የሚመርጠው አንድ የነጭ ሚዛን ብቻ ነው። ለፊቷ ከተስማማ አንገቷ ይቢጫል፤ ለአንገቷ ከተስማማ ፊቷ ወደ ሰማያዊ ያመራል።

ማስተካከል ከመጀመር በፊት ችግሩ በእርግጥ የብርሃን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰጠው ምስክርነት ጥሩ ነው። አንገቷ ላይ ባረፈው ጥላ ውስጥ የገባውን የነጠላዋን ወይም የቀሚሷን ነጭ ጨርቅ ተመልከቱ። ጨርቁም እንደ ቆዳዋ ቢጫ ከሆነ ተጠያቂው ብርሃኑ ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቆዳው ብቻ ከተለየ ነገሩ የፋውንዴሽን ወይም የቆዳዋ የራሱ ጉዳይ ነው። የድንበሩ መሥመርም ይናገራል። የሜካፕ ድንበር የመንጋጋን ቅርጽ ተከትሎ በግራም በቀኝም ተመሳሳይ ይሆናል፤ የብርሃን ድንበር የሚከተለው ጥላውን ስለሆነ በአንዱ በኩል ጉንጭ ላይ ሲወጣ በሌላው በኩል አንገት ላይ ይወርዳል። ሰው በተፈጥሮው ፊቱና አንገቱ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላልና፣ ልዩነቱ የቆዳዋ ከሆነ ሙሽራዋን ሳይጠይቁ መንካት ተገቢ አይመስለኝም።

ብርሃኑ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ከፊቷ ላይ ቀለም ቀድተው በአንገቷ ላይ ይቀቡታል፤ ወይም ቆዳውን እስኪለሰልስ ድረስ ያደበዝዙታል። ቀለሙ በእርግጥ ይቀራረባል፤ የቆዳዋ ቀዳዳዎች፣ የአንገቷ ስስ መሥመሮችና ለስላሳ ጸጉር ግን አብረው ይጠፋሉ። የቀረው ፕላስቲክ ነው።

ይህን ለማስቀረት ቀዳዳው ፎቶ ላይ ምን ሆኖ እንደሚታይ መረዳት ይበቃል። የቆዳ ቀዳዳ ማለት አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብና ከጎኗ ያለች የምታበራ ጠርዝ ናት። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል የብርሃንና የጨለማ ነው፤ ቀለም እምብዛም የለበትም። አምፖሉ ያመጣው ችግር ደግሞ በተቃራኒው ሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጋ የቀለም ለውጥ ነው። ስለዚህ ብርሃንና ጨለማውን ሳንነካ ቀለሙን ብቻ ካንቀሳቀስን ቀዳዳዎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ፎቶሾፕ ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አለው፤ የአንድ ሌየር የቅልቅል ዓይነት Color ሲሆን ያ ሌየር የሥረኛውን ምስል ቀለም እንጂ ድምቀቱን አይለውጥም።

ፎቶው በ RAW ከተነሳ ሥራው ከካሜራ ሮው ይጀምራል። የነጭ ሚዛኑን ለፊቷ አስተካክሎ፣ አንገቷ ላይ ብቻ በብራሽ ማስክ ሠርቶ፣ Temp የሚለውን ወደ ሰማያዊ መሳብ ነው። አንዳንዱ ፎቶ በዚህ ብቻ ያልቃል። የቀረው ወደ ፎቶሾፕ ይሄዳል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። Info የሚለውን መስኮት ከፍተን የቀለም መምጠጫውን ጉንጯ ላይ እናሳርፋለን። አስቀድሞ ግን Sample Size የሚለው 11 by 11 Average ላይ ይሁን፤ አንዲት ነጥብ ብቻ ከለካን አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብተን የተሳሳተ ቁጥር ልናገኝ እንችላለን። የሚያብለጨልጨውንም በጣም የጨለመውንም ቦታ እንተው። ጉንጯ ቀይ 168፣ አረንጓዴ 118፣ ሰማያዊ 92 አሳየ እንበል። አንገቷ ደግሞ ቀይ 146፣ አረንጓዴ 97፣ ሰማያዊ 58 ነው። ጉንጯ ላይ አረንጓዴው የቀዩ 70 በመቶ፣ ሰማያዊው 55 በመቶ ገደማ ነው። አንገቷ ላይ ግን ሰማያዊው የቀዩ 40 በመቶ ብቻ ነው። ብርቱካናማው መልክ የመጣው ከዚህ ጉድለት ነው።

ግባችን አንገቷን 168፣ 118፣ 92 ማድረግ አይደለም፤ እንዲህ ካደረግን ጥላው ይጠፋና ጭንቅላቷ አንገቷ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። አንገት ከፊት ጠቆር ማለቱ እውነት ነውና ይቆይ። የምንፈልገው ያው ጠቆር ያለ አንገት የፊቷን የቀለም ምጣኔ እንዲይዝ ነው፤ ይህም ወደ 140፣ 98 እና 77 ይመጣል። የ Curves ሌየር ጨምረን ቅልቅሉን Color እናደርጋለን። በሰማያዊው መሥመር ላይ 58ን ወደ 77፣ በቀዩ ላይ 146ን ወደ 140 እንወስዳለን፤ አረንጓዴው በነበረበት ይቀራል። ከዚያ የሌየሩን ማስክ በ Ctrl+I ጥቁር አድርገን፣ ለስላሳ ጠርዝ ባለው ነጭ ብራሽ፣ Flow 10 በመቶ ላይ አድርገን፣ ቢጫው ባለበት ቦታ ሁሉ ቀስ እያልን እንገልጠዋለን።

Curvesን ከቀለም ቅብ የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። አንድ ቀለም መርጠን Color ሌየር ላይ ብንቀባም ቀዳዳው ይተርፋል፤ ነገር ግን አንገት በሙሉ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። እውነተኛ አንገት ላይ ቀላ ያለ ቦታ አለ፣ እጥፋቱ ውስጥ ጠለቅ ያለ ቀለም አለ። Curves ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያንቀሳቅስ ይህ ልዩነት እንዳለ ይቆያል። ባለሙያዎች የሚወዱት፣ የቆዳውን ቅርጽና ቀለሙን በሁለት ሌየር የመለየት ዘዴም አለ፤ ለጠባሳና ለብጉር ምልክት ጥሩ ነው። ለዚህ ችግር ግን አልመክረውም፤ የቀለሙ ሌየር ሲደበዝዝ የመንጋጋዋ ጥላ ወደ ጉንጯ ይፈስሳል፤ የፊቷ ቅርጽም ይላላል።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ መውሰድ ያለበት ማስኩ ነው። እጃችን በልማድ የመንጋጋን መሥመር ተከትሎ መቀባት ይወዳል። ቢጫው ብርሃን ግን በአባዡሩ በኩል ወደ ጆሮዋ ሥርና ወደ ጉንጯ ጠርዝ ይወጣል፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የአንገቷን ግማሽ አይነካም። ማስኩ መሄድ ያለበት ብርሃኑ በሄደበት ነው። በመንጋጋዋ ልክ ከቆረጥነው ያልነበረ ሰማያዊ አንገት በአንድ በኩል፣ ያልተነካ ቢጫ ጆሮ በሌላ በኩል ይቀራል። ድንበሩን በዓይን ለመለየት ከሁሉም በላይ የ Hue/Saturation ሌየር አስቀምጦ Saturation የሚለውን ወደ 50 ማውጣት ይጠቅማል። ፎቶው አስቀያሚ ይሆናል፤ የተረሳው ቢጫ ቦታና ከልክ ያለፈው ሰማያዊ ግን ወለል ብለው ይታያሉ። ሥራው ሲያልቅ ያንን ሌየር ማጥፋት ነው።

ቀዳዳዎቹ መትረፋቸውን የምናውቀው ፎቶውን 100 በመቶ ላይ አድርገን የ Curves ሌየሩን አንዴ እየደበቅን አንዴ እየመለስን በማየት ነው። ነጥቦቹ ካሉበት ሳይነቃነቁና ሳይደበዝዙ ቀለሙ ብቻ መለዋወጥ አለበት። ነጥቦቹ ከደበዘዙ ከቀለም ሌላ የነካነው ነገር አለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ቅልቅሉ Color መሆኑን ማየት ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ቢጫ አምፖል የሚሰጠው ሰማያዊ ብርሃን በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ በጥላው ውስጥ የካሜራው ሰማያዊ መረጃ ደካማና ነቁጥ የበዛበት ነው። ያንን ከፍ ስናደርግ ነቁጡም ይጎላል። ሰማያዊና ቀይ ነጠብጣብ ከታየ ያ ቀዳዳ አይደለም፤ የቆዳ ቀዳዳ እንዲህ ያለ ቀለም የለውም። መፍትሔው ወደ ካሜራ ሮው ተመልሶ የቀለም ነቁጡን ብቻ መቀነስ ነው፤ እዚያ Color Noise Reduction ይባላል። ከአጠገቡ ያለው Luminance የተባለው ደግሞ የድምቀት ነቁጡን ሲያጠፋ ቀዳዳውንም አብሮ ይበላልና አይነካ። በስልክ ተነስቶ በጄፔግ የተቀመጠ ፎቶ ከሆነ ቀለሙ ቀድሞውኑ ተጨምቆ መረጃ ስለጎደለው የምናንቀሳቅሰው በመጠኑ ይሁን፤ ከምጣኔው ግማሹን ደርሶ ማቆምም ይሻላል።

የማይድን ፎቶም አለ። በሰርግ አዳራሽ ውስጥ ከታች የሚበራው ሐምራዊ ኤልኢዲ አረንጓዴ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል። አንገቷ ላይ ያረፈው እርሱ ብቻ ከሆነ ካሜራው ስለ ቆዳዋ አረንጓዴ ድርሻ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያልተመዘገበን ቀለም Curves አይፈጥረውም። ገፍተን ከሄድን የምናገኘው ግራጫ አንገት ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ወይም የሐምራዊውን ድባብ እንዳለ መተው የተሻለ ውሳኔ ነው።

ለፎቶ አንሺዎች አንድ ልመና አለኝ። ሙሽራዋ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ከማንሳታችሁ በፊት ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ አባዡሩን አጥፉት፤ ክፍሉ ካልበቃችሁም ሙሽራዋን ወደ መስኮቱ አስጠጓት። ፍላሽ መጠቀም ግድ ከሆነና አምፖሎቹ መጥፋት ካልቻሉ ብርቱካናማ ጄል ፍላሹ ላይ ልጠፉ፤ ያኔ ሁለቱም ብርሃን አንድ ቀለም ስለሚይዙ አንድ የነጭ ሚዛን ለፊቷም ለአንገቷም ይበቃል።